«በዝናብ ምክንያት» እና «የዝናብ ምክንያት»፦ የፓሊ ጥምር ቃላትን መፍታት እንዴት እንደ ተማርኩ

የቡድሃ ንግግሮች የተጠበቁበትን ጥንታዊ ቋንቋ፣ ፓሊን፣ ማንበብ በጀመርኩ በአራተኛው ወር አንዲት ቃል የአንድ ገጽ ትርጉሜን ገለበጠችብኝ። በምኖርበት ከተማ የስሪላንካ መነኮሳት የሚኖሩበት ቤተ መቅደስ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ አረጋዊ መነኩሴ ለአምስት ለስድስት ሰው ያስተምራሉ። ሁላችንም «ባንቴ» እንላቸዋለን፤ መነኩሴን በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ነው። የዚያን ሳምንት የቤት ሥራችን ሰምዩትተ ኒካየ በሚባለው የንግግሮች ስብስብ 12ኛው ክፍል መክፈቻ ላይ ያለው አጭር ንግግር ነበር። ሥቃይ ከምን ተነሥቶ እንዴት እንደሚከማች በ11 እርምጃ የሚዘረዝረው ማለት ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ አቪጅጃፐችቸያ ሰንኻራ። አቪጅጃ አለማወቅ ነው። ፐችቸየ ምክንያት ነው። ሰንኻራ ለመተርጎም አስቸጋሪ ቃል ስለሆነ ለዛሬው «ውጥኖች» ልበለው። እኔም ሁለቱን ክፍሎች አጋጥሜ «የአለማወቅ ምክንያት» አልኩና «አለማወቅን ከሚያመጣው ነገር ውጥኖች ይነሣሉ» ብዬ ጻፍኩ። በዚሁ አካሄድ አሥራ አንዱንም እርምጃ ጨረስኩ። ባንቴ ደብተሬን አንብበው «አለማወቅን የሚያመጣው ምንድን ነው? እዚህ ንባብ ውስጥ የት እንዳለ አሳየኝ» አሉኝ። ፈለግኩ፤ የለም። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከአለማወቅ ነው፤ እኔ ግን ስሙ ያልተነገረ ሌላ ነገር ከፊቱ አስቀምጬ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት የፓሊ ቃላትን በፊደላችን እንዴት እንደምጽፍ ልናገር። አጭሩን «አ» በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ እጽፋለሁ፤ ስለዚህ «ከ» እና «ካ» በፓሊም ይለያያሉ። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ። ፓሊ በትንፋሽ የሚወጡና ምላስ ታጥፎ የሚወጡ ድምፆች አሉት፤ እነሱን ከ«ኸ» በቀር አልለያቸውም። ለንባብ ይበቃል፤ መዝገበ ቃላት ለመፈለግ ግን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ማየት ግድ ነው።

ስሕተቴ የገባኝ ከመዝገበ ቃላት አልነበረም። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «በዝናብ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ አረፈድኩ» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። «በዝናብ ምክንያት» ስንል ምክንያቱ ማን ነው? ዝናቡ ራሱ ነው። «የዝናብ ምክንያት» ስንል ግን ዝናቡን የሚያመጣውን ነገር ነው የምናስበው፤ ደመናውን፣ ነፋሱን። ሁለቱም ላይ ያሉት ቃላት አንድ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ዝምድና ግን ተገላብጧል፤ በአንዱ ዝናብ አምጪ ነው፣ በሌላው የሚመጣ ነው። በአማርኛ «በ» እና «የ» ይለዩልናል። ፓሊ ሁለቱን ቃላት ሲያጣብቅ እንዲህ ያለውን መለያ ከመካከል ያነሣዋል፤ አንባቢው ራሱ መልሶ ማስገባት አለበት።

የጥንት የፓሊ ሰዋስው ሊቃውንት ለሁለቱ ዝምድናዎች ስም አላቸው። የመጀመሪያው ክፍል ባለቤት፣ መነሻ፣ መድረሻ ወይም መሣሪያ ሆኖ ከሁለተኛው ጋር ሲገናኝ ተፕፑሪሰ ይሉታል፤ ስሙ ራሱ ምሳሌ ነው፣ «የእሱ ሰው» ማለት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ስለ አንድ ነገር ሲናገሩ ደግሞ ከምመዳረየ ይባላል፤ «አለማወቅ ነው፣ እሱም ምክንያት ነው» እንደ ማለት። እኔ ከምመዳረየውን ተፕፑሪሰ አድርጌ ነበር ያነበብኩት።

ከስሞቹ በላይ የጠቀመኝ ቪግገሀ የሚሉት ልማድ ነው። ቪግገሀ ጥምሩን ቃል በትኖ፣ የጠፋውን መለያ መልሶ፣ እንደ ትንሽ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪላንካ የጻፈው ቡድደጎሰ በቪሱድዲመግገ ውስጥ ይህችኑ ቃል ሲፈታ እንዲህ ይላል፦ «አቪጅጃ ቸ ሳ ፐችቸዮ ቻቲ አቪጅጃፐችቸዮ»። ቃል በቃል «አለማወቅም ነው፣ እሱው ምክንያትም ነው፤ ስለዚህ አለማወቅ-ምክንያት» ማለት ነው። «ቸ» የእኛ «ም» ወይም «ና» ናት። ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛዋ በ«ቻቲ» ውስጥ ተደብቃ፣ ስለመጣች ሁለቱ ስሞች በአንድ ነገር ላይ እንደ ተደራረቡ ታሳያለች። የእኔን የተሳሳተ ንባብ በቪግገሀ ጽፌው ቢሆን ኖሮ «የአለማወቅ የሆነ ምክንያት» የሚል ይወጣ ነበር፤ በወረቀት ላይ ሳየው ምን እያልኩ እንደሆነ ወዲያው አውቅ ነበር። በጭንቅላቴ ብቻ ስፈታው ግን ሁለቱ ንባቦች ተደባልቀው አለፉ።

ሆኖም የኋላ ዘመን ሐተታ እንዲህ ስላለ ብቻ መቀበል አልፈለግኩም። ባንቴም እንድቀበል አልጠየቁኝም። «ንባቡ ራሱ የሚመሰክረውን ፈልግ» አሉኝ፤ ፍለጋው ደግሞ ያላሰብኩትን ሦስተኛ ንባብ አወጣ።

ሦስተኛው ዓይነት በሁብቢሂ ይባላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ከሁሉም ይቀላል፤ ቋንቋችን ሞልቶታልና። እጀ ጠባብ ጠባብ እጅ አይደለም፤ እጅጌው የጠበበ ልብስ ነው። ዓይነ ስውርም ዓይን ሳይሆን ዓይኑ የማያይ ሰው ነው። ሁለቱ ክፍሎች ከራሳቸው ውጭ ያለ ሦስተኛ ነገር ይገልጣሉ። በሁብቢሂ የሚለው ስምም እንዲሁ ነው፤ «ብዙ ሩዝ» የሚሉ ሁለት ቃላት ናቸው፣ የሚገልጠው ግን ብዙ ሩዝ ያለውን አገር ወይም ሰው ነው። በዚህ መንገድ ቢነበብ አቪጅጃፐችቸያ ሰንኻራ «ምክንያታቸው አለማወቅ የሆነ ውጥኖች» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም «ያ» የተባዕት ብዙ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ሰንኻራም የተባዕት ብዙ ቁጥር ነው። በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም። «ከምክንያት» የሚል የ«ከ» መድረሻም በፓሊ ያው «ያ» ነው። ታዲያ በምን ይለያል?

በዚህ እርምጃ ብቻ አይለይም። መልሱ ያለው በሁለተኛው ነው፦ ሰንኻረፐችቸያ ቪኝኛነም፤ ውጥኖችን ተከትሎ ንቃት ይመጣል። ቪኝኛነም ግዑዝ ጾታና ነጠላ ቁጥር ነው። በሁብቢሂ የሚገልጠውን ስም በጾታና በቁጥር ይከተላልና ጥምሩ ቃል ቪኝኛነምን የሚገልጥ ቢሆን ኖሮ ሰንኻረፐችቸየም መባል ነበረበት። አልተባለም፤ «ያ» እንደሆነ ቀርቷል። ወደ ታች ወርጄ ሰላየተነፐችቸያ ፐስሶ የሚለውን አየሁ። ፐስሶ፣ ንክኪ፣ የተባዕት ነጠላ ነው፤ ቢገልጠው ኖሮ «ፐችቸዮ» ይሆን ነበር። እዚህም «ያ» ነው። አሥራ አንዱን እርምጃ አንድ በአንድ ስቆጥር በሰባቱ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ስም «ያ»ን እንደ ገላጭ ሊቀበል አይችልም። በአራቱ ላይ ብቻ፣ ማለትም በሰንኻራ፣ በቬደና፣ በተንሃና በጃቲ፣ ሁለቱም ንባብ ይገጥማል። ዓረፍተ ነገሮቹ በአንድ ቅርጽ ስለተሠሩ ሰባቱ አራቱን ይወስናሉ፤ መጨረሻው «ከ» ነው። እንግዲህ «ከምክንያት» ሆኖ ተረጋገጠ። አለማወቅ ራሱ ምክንያቱ ነው ወይስ ምክንያት አለው የሚለውን ደግሞ ሰንሰለቱ ይመልሳል። በእያንዳንዱ እርምጃ የተነሣው ነገር በሚቀጥለው መነሻ ይሆናል፤ ሰንኻራ ከመጡ በኋላ ሰንኻረፐችቸያ ይላል፣ ቪኝኛነም ከመጣ በኋላ ቪኝኛነፐችቸያ። የእኔ ንባብ ቀለበቶቹን ይበጥሳቸው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ነገር ታዘብኩ። ሰንኻራ ብቻውን ሲቆም ብዙ ቁጥር መሆኑ ይታያል፤ በጥምሩ ውስጥ ሲገባ ግን ሰንኻረ ይሆንና ቁጥሩ ይጠፋል። እኛ «የመጽሐፍ መደብር» ስንል አንድ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቤት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ፓሊም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ክፍል በፊት ያለውን ማንኛውንም ቃል ነጠላ ነው ብሎ መተርጎም ችኮላ ነው። ቁጥሩንና ጾታውን የሚናገረው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው።

«ፐችቸየ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ እንዲህ ይፈታል ብዬ ደንብ ላወጣ ስል ደግሞ በዚያው ክፍል 20ኛው ንግግር ላይ ኢደፕፐችቸየታ የሚል ቃል ገጠመኝ። ቡድደጎሰ ይህንን የሚፈታው «ኢሜሰም ፐችቸያ» ብሎ ነው፤ «የእነዚህ ምክንያቶች» ማለት ነው፣ እነዚህ የተባሉትም እርጅናና ሞት ሌሎቹም ናቸው። ያው ፐችቸየ፣ ያው መጨረሻ ላይ መቀመጥ፣ ግን አሁን የመጀመሪያው ክፍል የሚመጣው ነገር እንጂ የሚያመጣው አይደለም። «የዝናብ ምክንያት» ተመልሶ መጣ። ስለዚህ አንድ ቃል በአንድ ጥምር ውስጥ እንዴት እንደተዘመደ ሌላው ውስጥ ላለው ዋስትና አይሆንም፤ እያንዳንዱን በየራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልኩት ቃሉ የት ላይ እንደሚቆረጥ ለሚያውቅ ሰው ነው። ለእኔ ግን አስቀድሞ መቁረጡ ራሱ ሥራ ነበር፤ የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ደርሼ ሶከፐሪዴቨዱክኸዶመነስሱፓያሳ የሚለውን ሳይ ደብተሬን ዘግቼ ነበር። ከግራ ጀምሬ ሶከን፣ ሐዘንን፣ አገኘሁ፤ ፐሪዴቨን፣ ዋይታን፣ አገኘሁ፤ ዱክኸም የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ «ዶመነስ» እና «ሱፓያሳ» ብዬ ቆረጥኩና ሱፓያሰን መዝገበ ቃላት ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ። እንዲህ ያለ ቃል የለም።

ባንቴ ያሳዩኝ ከቀኝ መጀመርን ነው። በመጨረሻ ያለውን የማውቀውን ጅራት ፈልጌ፣ ከእሱ በፊት የተበላ ድምፅ እንዳለ መጠርጠር። ሁለት አናባቢ ሲገናኙ ፓሊ ብዙውን ጊዜ አንዱን ይጥላል፤ እኛም «ስለ እሱ» ብለን «ስለሱ» እንደምንለው። ዶመነስሰ እና ኡፓያሰ ሲገናኙ የፊተኛው «ኧ» ወድቆ «ስሱ» ቀረ። የ«ሱ» ግማሽ የአንዱ ቃል፣ ግማሽ የሌላው ነው፤ ስለዚህ ፊደሉን ራሱን ሰንጥቆ ለሁለቱም መመለስ ያስፈልጋል። አምስቱ ክፍሎች እንግዲህ ሐዘን፣ ዋይታ፣ የአካል ሕመም፣ የልብ መከፋትና የጨነቀው ሰው ተስፋ መቁረጥ ናቸው። ትክክል መቁረጤን በሌላ ቦታ አረጋገጥኩ። ዲገ ኒካየ በሚባለው ሌላ ስብስብ 22ኛው ንግግር ይኸው ረጅም ቃል ይመጣና ትንሽ ዝቅ ብሎ «ሶከ ምንድን ነው? ፐሪዴቨ ምንድን ነው?» እያለ አምስቱንም በዚሁ ተራ አንድ በአንድ ይተረጉማቸዋል። ረጅም ጥምር ሲገጥማችሁ ክፍሎቹ ተነጣጥለው የሚጠየቁበት ንግግር መኖር አለመኖሩን ፈልጉ፤ የፓሊ ንግግሮች መደጋገም ስለሚወዱ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

አምስቱ ክፍሎች እርስ በርስ አይገዙም፤ እኩል ተሰልፈዋል። ይህ ድቨንደ ይባላል። የሚገርመው ከጎኑ ሌላ ድቨንደ መኖሩ ነው፦ ጃቲፐችቸያ ጀራመረነም፣ ሶከፐሪዴቨዱክኸዶመነስሱፓያሳ ሰምበቨንቲ። ከልደት እርጅናና ሞት፣ ሐዘንና ዋይታ፣ ሕመምና መከፋት፣ ተስፋ መቁረጥም ይነሣሉ። ጀራመረነም ሁለት ነገር፣ እርጅናንና ሞትን፣ ይዞ ሳለ በነጠላ ግዑዝ ያልቃል፤ ሁለተኛው ግን በብዙ ቁጥር። መጀመሪያ ጀራመረነምን ነጠላ ስላየሁት «የእርጅና ሞት» ብዬ አርጅቶ መሞትን ብቻ የሚናገር መስሎኝ ነበር። በአማርኛ «ቤት ንብረቱ ወደመ» እንላለን፤ ሁለት ነገር ነው፣ ግሡ ግን ነጠላ ነው፣ እንደ አንድ ጥቅል ስለምናየው። «ባልና ሚስት መጡ» ስንል ደግሞ ሁለቱን እንቆጥራቸዋለን። ፓሊም ሁለቱም አካሄድ አለው። ነጠላ መጨረሻ ብቻውን ድቨንደ አለመሆንን አያስረዳም።

ታዲያ የወጣት ሞት እዚህ ውስጥ መግባቱን በምን አወቅኩ? ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ንግግር እያንዳንዱን ቀለበት ያብራራል። እርጅናን ለብቻው ይተረጉማል፤ ጥርስ መውለቁን፣ ጠጉር መሸበቱን፣ ቆዳ መጨማደዱን እየጠራ። ሞትን ለብቻው ይተረጉማል። ከዚያ «ይህቺም እርጅና፣ ይህም ሞት፤ ይህ ጀራመረነም ይባላል» ብሎ ይዘጋል። በ«ቸ» ሁለቱን እኩል አቆማቸው። ናመሩፐምንም፣ «ስምና ቅርጽ» የሚሉትን፣ በዚሁ መንገድ ይፈታዋል፦ መጀመሪያ የስምን ክፍሎች፣ ቀጥሎ የቅርጽን፣ በመጨረሻ «ይህም ስም፣ ይህም ቅርጽ»። ቪግገሀን ከሰዋስው መጽሐፍ የመጣ የኋላ ዘመን ጥበብ አድርጌ አስበው ነበር፤ እዚህ ግን ንግግሩ ራሱ ሲሠራበት አየሁት፣ ያን ቀን በጣም ደስ አለኝ።

ሰላየተነም ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለተኛው ክፍል ኣየተነ፣ የስሜት በር፣ ነው፤ የመጀመሪያው «ሰል» ደግሞ ስድስት ነው። ፓሊ ለብቻው ስድስት ሲል በ«ቸ» የሚጀምር ሌላ ቅርጽ ስለሚጠቀም ቁጥሩን ለይቶ ማየት ይቸግራል። ቁጥር ከፊት ሆኖ ሙሉው በነጠላ ግዑዝ ሲያልቅ ዲጉ ይባላል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ግን በሁለተኛው ንግግር ውስጥ ያሉት አጫጭሮቹ ናቸው። ንቃትን ሲዘረዝር ቸክኹቪኝኛነም ይላል፤ ቸክኹ ዓይን ነው። ጥማትን ሲዘረዝር ሩፐተንሃ ይላል፤ ሩፐ የሚታይ ቅርጽ ነው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ክፍል ያላቸው ተፕፑሪሰዎች ናቸው፤ መቁረጡ ምንም አይቸግርም። እኔም «የዓይን ንቃት» እና «የቅርጽ ጥማት» ብዬ አለፍኩ። ባንቴ «ዓይንን ማወቅ ነው? ቅርጽ ነው የሚጠማው?» አሉ።

«የ» እንደ ፓሊው ጥምር ዝምድናውን ትደብቃለች። የዓይን ሐኪም ዓይንን የሚያክም ነው። የዓይን ምስክር ግን ስለ ዓይን የሚመሰክር አይደለም፤ በዓይኑ ያየ ነው። ተፕፑሪሰ ነው ብሎ መሰየም ስለዚህ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም፤ «የ»ን ትቶ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ወደ» ከሚሉት የትኛው እንደሚገባ መወሰን ይቀራል። ሩፐተንሃ ላይ መልሱ ቀላል ነው፤ ጥማት የሚጠሙትን ነገር ይፈልጋል፣ ስለዚህ «ለሚታይ ቅርጽ ያለ ጥማት»። ዝርዝሩም ቅርጽ፣ ድምፅ፣ ሽታ፣ ጣዕም እያለ የሚቀጥለው በሚጠሙት ነገሮች ነው። የንቃት ዝርዝር ግን ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ እያለ በሚያውቁባቸው በሮች ነው የሚሄደው። ሁለቱ ዝርዝሮች የተለያየ ዓይነት ነገር በመጀመሪያ ክፍል ላይ ማስቀመጣቸው ዝምድናውም እንደሚለያይ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ሁለተኛው ምልክት መጅጂመ ኒካየ ከሚባለው ስብስብ 38ኛው ንግግር ነው። እዚያ ንቃት ስሙን የሚያገኘው ተደግፎት ከሚነሣው ነገር ነው ይላል፤ ዓይንንና ቅርጾችን ተደግፎ ሲነሣ ቸክኹቪኝኛነም ይባላል። ከዚያ ምሳሌ ይሰጣል። እሳት በምን እንደሚነድ በዚያ ይጠራል፤ በእንጨት ሲነድ ከትተግጊ፣ በሣር ሲነድ ቲነግጊ፣ በከብት እበት ሲነድ ጎመየግጊ። እነዚህ ራሳቸው ጥምር ቃላት ናቸው፤ መጨረሻቸው አግጊ፣ እሳት፣ ነው። ገጠር ያደገ ኢትዮጵያዊ የኩበት እሳትን ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ ኩበትን ተደግፎ የሚነድ እሳት ነው፣ ስለ ኩበት የሆነ ወይም ኩበት የያዘው እሳት አይደለም። ቸክኹቪኝኛነምም በዚሁ ልክ «ዓይንን ተደግፎ የሚነሣ ንቃት» ነው። ከዚያ ወዲህ ለትርጉም «የዓይን ንቃት» ብጽፍም ደብተሬ ጠርዝ ላይ «የኩበት እሳት» ብዬ አሰፍራለሁ፤ ሩፐተንሃ አጠገብ ደግሞ «የውሃ ጥማት»።

እነዚህን ከለመድኩ በኋላ የተደራረበ ጥምር አላስፈራኝም። ሙጥኝ ማለትን፣ ኡፓዳነን፣ ሲዘረዝር ሲለብበቱፓዳነም የሚል አለ። ከቀኝ ስጀምር ኡፓዳነ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ፊቱ የተበላ «ኧ» አለ፣ ስለዚህ የሚቀረው ሲለብበተ ነው። ሲለ ሥነ ምግባር ነው። «ብበተ» የሚል ቃል ግን የለም። ቃሉ ቨተ፣ የሚጠብቁት ስእለት ወይም ሥርዓት፣ ነው፤ በሳንስክሪት በሁለት ተነባቢ የሚጀምር ስለሆነ ፓሊ በጥምር ውስጥ ድምፁን አጥብቆ ወደ «ብብ» ይለውጠዋል። በመካከል ያልተጠበቀ ጥብቀት ሲታይ፣ ቀጣዩ ቃል ጥንት ሁለት ተነባቢ እንደነበረው ያመለክታል፤ ዱክኸክኸንደ፣ የሥቃይ ክምር፣ በሚለው ውስጥ ያለው ሁለተኛው «ክኸ» የመጣውም ከዚያው ነው። አሁን ዝምድናው፦ ሲለ እና ቨተ እኩል ናቸው፣ ድቨንደ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ደግሞ ሙጥኝ የሚባሉት ነገር ናቸው፣ ተፕፑሪሰ። «ሥነ ምግባርንና ሥርዓትን ሙጥኝ ማለት»። ቅንፍ የሚገባው የት እንደሆነ ካልተጠየቀ «ሥነ ምግባር፣ ሥርዓትንም ሙጥኝ ማለት» ተብሎ ሥነ ምግባር ራሱ ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል። ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ዝርዝሩ ያሳያል፤ ሌሎቹ ሦስቱም በኡፓዳነ ያልቃሉ፣ ፊታቸው ያለው ሁሉ ሙጥኝ የሚባለው ነገር ነው።

አንዳንዱ ግን በዚህ ሁሉ አይፈታም። ሰቲፐትታነ የሚለውን ቃል በመጅጂመ ኒካየ 10ኛው ንግግር ላይ ስናነብ እንደ ለመድኩት ከቀኝ ጀመርኩ። የጥንቱ ሐተታ ሰቲ እና ፐትታነ ብሎ ይቆርጠዋል፤ ሰቲ ማስታወስ፣ ልብ ማለት ነው፣ ፐትታነ ደግሞ የሚቆምበት መሠረት። ብዙ የዘመናችን ሊቃውንት ግን ሰቲ እና ኡፐትታነ ነው ይላሉ፤ «ልብን አቅርቦ ማቆም»። ማስረጃቸው ሁለት ነው። በሳንስክሪት ያለው ተመሳሳይ ቃል «ኡ»ውን እንደያዘ አለ፤ በፓሊ ንግግሮችም ልቡን ያቀረበ ሰው ኡፐትቲተስሰቲ ይባላል፣ ያው ግሥ ከነ«ኡ»ው። ተቃራኒው ደግሞ በተጻፈው ቃል ውስጥ «ኡ» አይታይም፤ ሲለብበቱፓዳነም ላይ የፊተኛው አናባቢ ነው የወደቀው፣ እዚህ የኋለኛው መውደቅ ነበረበት። እኔ ወደ ሁለተኛው አጋድላለሁ፣ ግሡ ስለሚመሰክርለት። ባንቴ በሐተታው ይጸናሉ። ደብተሬ ላይ ሁለቱንም ቪግገሀ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፍኩ፤ ባንቴም አይተው የሁለተኛውን አንድ የተሳሳተ መድረሻ አረሙልኝና ወደሚቀጥለው መስመር አለፍን።